ይድረስ ለቀረኸው፣ ከቀረነው

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ካንተ ክፍል በስተቀር በጣም ደህና ነን።

መልእክትህ ማታ 2 ሰዓት ከ40 ላይ ደርሶናል። «ሶሪ፣ ነገ አልመጣም» ይላል። ፕረዘንቴሽኑ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። አሞህ ይሆን ብለን ደንግጠን ጠየቅንህ። ማንበብህን ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች መስክረዋል። መልስ ግን የለም።

ከዚያ ስላይዶችህን ከፈትን። ዘጠኝ ናቸው። ስምንቱ ፎቶ፣ አንዱ ግራፍ። ከስር ያለው የማስታወሻ ቦታ ባዶ ነው። «እኔ በቃሌ ነው የማቀርበው» ስትል ነበር። ቃልህን ይዘኸው ሄድክ።

መጀመሪያ እኩል እንካፈል አልን። ዘጠኝ ለሦስት፣ ለእያንዳንዳችን ሦስት። ሂሳቡ ያምራል። ቆመን ስንሞክረው ግን ጉድ ፈላ። እኔ መግቢያውን ጨርሼ እቀመጣለሁ፤ ሁለተኛዋ ታቀርባለች፤ ያንተ ክፍል ሲደርስ እኔ እንደገና እነሳለሁ፤ ከዚያ እሷ እንደገና፣ ከዚያ ሦስተኛዋ። ሁለት ጊዜ መቀባበል የሚበቃው ነገር አራት ሆነ። የሰርግ ጭፈራ እንጂ ፕረዘንቴሽን አይመስልም።

ስለዚህ ክፍልህን ሳንቆራርጥ ለሦስተኛዋ ሰጠናት። ያንተ ውጤቱ፣ የእሷ ማጠቃለያው ነው። ማጠቃለያዋ የቆመው በግራፍህ ላይ ስለሆነ ግማሹን ታውቀዋለች። ሸክሙ እንዳይበዛባት ፎቶዎቹን በሙሉ አወጣናቸው። (ይቅርታ፣ አንዱ ላይ አንተ ነበርክ።) አምስት ደቂቃህ ሦስት ሆነች። ሃያው ደቂቃ ጣሪያ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ማንም አላለቀሰም።

የቀረው ግራፉ ነው። ሦስት ዓምዶች፦ 70፣ 40፣ 20። ምን እንደሆኑ አልተጻፈም። የሰው ቁጥር እንዳንል መጠይቁን የሞሉት 60 ሰዎች ናቸው፤ ከ60 ሰው 70 አይወጣም። መቶኛ እንዳንል ድምሩ 130 ነው። እኩለ ሌሊት አካባቢ መጠይቁን አውጥተን አየነው። ጥያቄው ስር በትንሽ ፊደል «ከአንድ በላይ መምረጥ ይቻላል» ይላል። ለካ መቶኛ ነው! አንዲት «%» ብትጨምርልን ኖሮ ተኝተን ነበር።

ጠዋት ሁሉም ደህና ሄደ፤ አንድ ነገር ብቻ ረሳን። ስላይዱን ስናስተካክል ሁለተኛዋ የሸመደደቻትን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አልነካንም። ክፍሏን ጨረሰችና በፈገግታ «አሁን ደግሞ ውጤቱን ያቀርብልናል» ብላ ስምህን ጠራች። ክፍሉ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። መምህሩም ዞሩ። ሦስተኛዋ እስክትነሳ ድረስ እኔም፣ አለመምጣትህን እያወቅሁ፣ በሩን አይ ነበር።

ስምህ አሁንም የመጀመሪያው ስላይድ ላይ አለ። ይውጣ ወይስ ይቆይ? መልስህን በጉጉት እንጠብቃለን። ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶችም ቢሆኑ ይበቁናል።

አክባሪዎችህ፣
የቀረነው ሦስቱ