ሥራ አስኪያጅ አያነብም ያለው ማን ነው?

«ሥራ አስኪያጆች አያነቡም። ልጥፉ የሚያጓጓ ብቻ ይሁን፤ ቁም ነገሩን በነጻ ከሰጠናቸው ማን ከፍሎ ይመጣል?»

ይህን ያሉት የአንድ አማካሪ ድርጅት ኃላፊ ናቸው። ባለፈው ሳምንት እኔም በተገኘሁበት ስብሰባ ላይ፣ በተሰብሳቢ ሂሳብ፣ ማለትም በዱቤ ተሽጦ ገና ባልተከፈለ ገንዘብ ላይ የሚሰጡት የግማሽ ቀን ሥልጠና በሊንክድኢን ለምን እንዳልተሸጠ ሲያስረዱ ነው የተናገሩት። ጥፋቱ የአንባቢው ነው ማለታቸው ነው። አሠልጣኝ ከመሆኔ በፊት አስራ አንድ ዓመት የአከፋፋይ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ስለነበርኩ አልተዋጠልኝም፤ እስካሁንም እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ አለ።

መጀመሪያ «በነጻ ከሰጠናቸው» የሚለውን እንያዝ። የዶሮ ወጥ አሠራር የማያውቅ ቤት የለም፤ ለሰርግ ግን ባለሙያዋ ከሳምንታት በፊት ትያዛለች። ተሰብሳቢ ሂሳብን በዕድሜው መከፋፈል በማንኛውም የሂሳብ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ የማንም ምስጢር አይደለም። ሥራ አስኪያጁ የሚከፍለው የራሱን የተበዳሪ ዝርዝር ይዞ፣ ሥራውን ከሠራ ሰው ጋር ግማሽ ቀን ለመቀመጥ ነው። ያንን በልጥፍ መስጠት አይቻልም፤ ስለዚህ የሚሰረቅ ነገር የለም። ዘዴውን ከልጥፉ አንብቦ ብቻውን የሚወጣው ሰው ካለ፣ ድሮም ደንበኛ አልነበረም።

አሁን ወደ ልጥፋቸው። የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ «በዘመናዊው ተወዳዳሪ የንግድ ዓለም ውስጥ ውጤታማ የተሰብሳቢ ሂሳብ አስተዳደር ለድርጅቶች ዘላቂ ዕድገት ያለው ሚና ከፍተኛ መሆኑ ይታወቃል።» ሊንክድኢን በስልክ ላይ ከልጥፍ የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረውን ለማየት አንባቢው ራሱ መንካት አለበት። ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን መኪና ውስጥ የተቀመጠውን ሥራ አስኪያጅ አስቡት። መኪናው ቆሟል፤ አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ነው። ያቺን ትንሽ ቦታ የሞላው አሥር ዓመት ሙሉ ሲሰማው የኖረው የስብሰባ መክፈቻ ንግግር ነው። ያልፈዋል። ማለፉ ማንበብ እንደማይወድ አያሳይም፤ እንዲያውም ያን ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ነው ሊያስገርመን የሚገባው።

ከሁሉ በላይ ያስቆጣኝ ግን የልጥፉ ግሥ ነው፤ ልጥፉን ሌክቸር፣ አንባቢውን ተማሪ የሚያደርገው እሱ ነው። ሌክቸር የሚባለውን ነገር ሰዎች በርዝመት ወይም በከባድ ቃላት ውስጥ ይፈልጉታል። በአማርኛ ሌክቸር የሚኖረው በግሡ መጨረሻ ላይ ነው። «አለበት»፣ «ይገባዋል»፣ «የግድ ነው»፣ «ሊዘነጋ አይገባም»። በዚያ አንድ ልጥፍ ውስጥ እነዚህን ስቆጥር ዘጠኝ አገኘሁ። ሁለት መቶ ሠራተኛ የሚያስተዳድርን ሰው ዘጠኝ ጊዜ ጆሮውን ይዘው ከጎተቱት በኋላ ከሥር ስልክ ቁጥር ማስቀመጥ ምን ይባላል?

መፍትሔ ብለው የሚያመጡት ደግሞ ይብሳል። «አለበት» የሚለውን «ያስፈልጋል» ይሉታል፤ አንባቢው አሁንም ተማሪ ነው። ወይም ጥያቄ ያደርጉታል፦ «ድርጅትዎ የዱቤ ፖሊሲ እንዳለው ያውቃሉ?» ይህ መልሱን የሚያውቅ መምህር የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ የጠየቀው ሊያርም ነው። አንዳንዱ «ወዳጆቼ» ብሎ ይጀምርና ፈገግታ የሚያሳዩ ምልክቶችን ይበትናል። እየሳቀ የሚገሥጽ ሰው መገሠጹን አልተወም።

ለውጡ የሚመጣው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲለወጥ ነው። «ሥራ አስኪያጅ ግልጽ የዱቤ ፖሊሲ ሊኖረው ይገባል» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጥፋተኛው አንባቢው ነው። አሁን ይህን ተመልከቱ፦ «እኛ ዘንድ ዱቤ የሚፈቅደው የሽያጭ ሠራተኛው ነበር፤ ኮሚሽኑን የሚያገኘውም ዕቃው ሲወጣ እንጂ ገንዘቡ ሲገባ አልነበረም።» እዚህ ጥፋተኛው ጸሐፊው ነው። አንባቢው ማንም ሳያዘው ወደ ራሱ ቢሮ ይዞራል፤ «እኛስ ዘንድ ኮሚሽኑ መቼ ነው የሚከፈለው?» ይላል። ያን ጥያቄ ራሱ ከጠየቀ ሥልጠናው ግማሽ ተሸጧል። እኔ አጥፍቼ አይቼዋለሁ ብሎ የሚናገር ሰው ይደመጣል፤ አንተ እያጠፋህ ነው የሚለው ሰው ትክክል እንኳ ቢሆን አይደመጥም። «የምናገረው የራሴ ታሪክ የለኝም» የሚል አሠልጣኝ ካለ ችግሩ የአጻጻፍ አይደለም፤ ሊያሠለጥን የተነሳበትን ጉዳይ ገና አልሠራውም። ታሪኩ የደንበኛ ከሆነ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ስምና ዘርፍ አይጠቀስም፤ የገንዘቡ መጠንም ምጣኔው ሳይዛባ ሊቀየር ይችላል።

ባዶ ትችት እንዳይሆንብኝ ልጥፉን በራሴ የድሮ ሥራ ላይ ተመሥርቼ እንደገና ጻፍኩላቸው። አኃዞቹን አጠጋግቻቸዋለሁ፦

«ሐሙስ ከሰዓት የፋይናንስ ኃላፊዋ የደመወዝ ዝርዝር ይዛ ገባች። የወሩ ሽያጭ 3 ሚሊዮን ብር ነበር። ባንክ ያለው ገንዘብ ግን ለደመወዝ አይበቃም።

9 ሚሊዮን ብር ደንበኞች እጅ ነበር፤ የሦስት ወር ሽያጫችን። ውላችን የሚለው 30 ቀን ነው።

የተበዳሪዎቹን ዝርዝር በአራት ከፈልነው፦ እስከ 30 ቀን፣ ከ31 እስከ 60፣ ከ61 እስከ 90፣ ከ90 ቀን በላይ። በመጨረሻው ክፍል ካለው ገንዘብ አብዛኛው የአምስት ደንበኞች ብቻ ነበር። ዱቤውን ማን እንደፈቀደ በየስማቸው አጠገብ ስንጽፍ አምስቱም ላይ የሽያጭ ሠራተኛ ስም መጣ። ኮሚሽኑን የሚያገኘው ዕቃው ሲወጣ እንጂ ገንዘቡ ሲገባ አልነበረም።

ቅዳሜ ግንቦት 8 ይህንኑ በእርስዎ ዝርዝር ላይ እንሠራለን። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 7፡00 ሰዓት፣ ቦሌ፣ 14 ሰው ብቻ። የተበዳሪዎችዎን ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ፤ ሰኞ ጠዋት የሚደወልላቸውን አምስት ደንበኞችና የሚባለውን ነገር ጽፈው ይወጣሉ። ዋጋው ቫትን ጨምሮ 6,500 ብር ነው፤ ፕሮፎርማ በጠየቁበት ዕለት ይላካል። ሽያጭዎ በሙሉ እጅ በእጅ ከሆነ ይህ ሥልጠና አይጠቅምዎትም።»

ሊንክድኢን ለአንድ ልጥፍ የሚፈቅደው እስከ 3,000 ምልክት ነው፤ ይህ ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ፊደላችን አናባቢውን በሆዱ ይዞ ስለሚሄድ በትንሽ ቦታ ብዙ እንናገራለን፤ ይህን ዕድል በ«እንደሚታወቀው» ማባከን ያሳዝነኛል። የመጀመሪያው አንቀጽ ብቻውን ቢታይ እንኳ አንድ የተሟላ ጭንቀት ይዟል፦ ሽያጭ አለ፣ ገንዘብ የለም። ያን ሐሙስ ያላየ ሥራ አስኪያጅ አላውቅም። ደግሞም የሊንክድኢን መሐንዲሶች ራሳቸው በ2020 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ አንባቢው በልጥፉ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ልጥፎች በሚደረደሩበት ቅደም ተከተል ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የሚነበብ ቁም ነገር ያለው ልጥፍ በኃላፊው አስተሳሰብ እንኳ ቢለካ አያከስርም።

ቀኑንም በዘፈቀደ አልመረጥኩም። የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 የሚዘጋ ድርጅቶች በሰኔ ውስጥ ቆጠራና የሒሳብ መዝጊያ ሥራ ይዟቸዋል፤ ያኔ ማንም ለሥልጠና ቀና አይልም። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ከሆነ ግን ሥራ አስኪያጁ ሒሳቡ ከመዘጋቱ በፊት ደውሎ የሚሰበስብበት ሰባት ሳምንት በእጁ አለ። የእነሱ ልጥፍ የወጣው ሰኔ 20 ነበር።

አንድ ነገር እቀበላለሁ፦ ብዙ ጊዜ የሥልጠናውን ክፍያ የሚፈቅደው ሥራ አስኪያጁ ብቻውን አይደለም፤ ወረቀቱ በሰው ሀብት ክፍል በኩል ያልፋል። ይህ ግን ለእነሱ ክርክር ሳይሆን ለእኔ ይጠቅማል። ሥራ አስኪያጁ ልጥፉን ወደ ሰው ሀብት ኃላፊው ልኮ «ሁለት ሰው እንላክ» ብሎ በአንድ መስመር መጨረስ ይፈልጋል። ዋጋው፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና የደረሰኙ ዓይነት እዚያው ከሌሉ ኃላፊው መልሶ ይጠይቃል፤ ሥራ አስኪያጁ ለአሠልጣኙ ይጽፋል፤ አሠልጣኙ ማግስቱን ይመልሳል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ይሞታል። «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያነጋግሩን» የሚለው ሐረግ ሥራ የበዛበትን ሰው ተጨማሪ ሥራ መስጠት ነው። ጊዜ እንቆጥብልዎታለን ባለ ማግስት ጊዜውን መውሰድ ነውር ነው።

ልጥፉ መሥራቱን የሚያውቁትም በተሳሳተ መንገድ ነው። በስብሰባው ላይ «ብዙ ሰው ወዶታል» ሲሉ ሰማሁ። ዝርዝሩን ከፍቼ አየሁት፤ ከወደዱት አብዛኞቹ ሌሎች አሠልጣኞች ናቸው። «ግሩም ትምህርት ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው አይመዘገብም፤ ትምህርት ነው ካለ ደግሞ ሌክቸር መሆኑን መስክሮባችኋል። እኔ የምቆጥረው ፕሮፎርማ የጠየቁትንና በውስጥ መስመር «የእኛ ከ90 ቀን በላይ 2 ሚሊዮን ደርሷል» ዓይነት የራሳቸውን አኃዝ የጻፉትን ነው። የራሱን ቁስል የገለጠ ሰው ግማሽ መንገድ መጥቷል።

የጻፍኩትን ልጥፍ ለኃላፊው ላክሁላቸው። በማግስቱ መለሱ፦ «ጥሩ ነው፤ ዋጋውንና ‹አይጠቅምዎትም› የሚለውን ብቻ እናውጣ፤ ሰው እንዳናባርር።» የሚባረረው ሽያጩ እጅ በእጅ የሆነው የሱቅ ባለቤት ነው፤ እሱ ቢመጣ ይዞት የሚቀመጠው ዝርዝር የለውም፤ ከ14ቱ ወንበር አንዱን ይዞ እያዛጋ ውሎ ቅር ብሎት ይሄዳል። 9 ሚሊዮን ብር በሰው እጅ ያለበት ሰው ግን ያችን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ለእሱ እንደተጻፈ ያውቃል። ዋጋውም ያቺ ዓረፍተ ነገርም አይወጡም ብዬ ጻፍኩላቸው፤ ካወጧቸው ታሪኬንም አብረው እንዲያወጡት ነገርኳቸው።