ሁለተኛውን ቤት ዓባይ ማዶ አትስራው

«ቀበሌ 14 ያለው ቤት አልቆ ተከራይቷል። አሁን በወር 800 ዶላር መቆጠብ ችያለሁ። ዓባይ ማዶ ሌላ ቦታ ልያዝበት ወይስ የባንክ አክሲዮን ልጨምር?»

ይህን የጠየቀኝ ቨርጂኒያ የሚኖር የባሕር ዳር ልጅ ነው፣ አብረን ነው ያደግነው። መልሴ ሁለቱንም አታድርግ ነው። አውቃለሁ፣ እዚህ ከተማ ተቀምጦ እንዲህ የሚል ሰው ደላላ ይጠላዋል፣ ዘመድም ያኮርፈዋል፣ ግን ባንክ ብድር ክፍል ውስጥ ዓመታት ስለሰራሁ የሰው ሀብት ወረቀት ላይ ተዘርዝሮ ሲመጣ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፣ እና የእሱም ዝርዝር ከእነዛ አይለይም።

ዝርዝሩን በዶላር እናስቀምጠው፣ ግምት ነው። ቤቱ 90 ሺህ፣ የባንክ አክሲዮኑ 15 ሺህ፣ እዚህ በብር ያስቀመጠው 5 ሺህ፣ አሜሪካ ባንክ ያለው ደግሞ 10 ሺህ። ጠቅላላ 120 ሺህ መሆኑ ነው፣ ከዚህ ውስጥ 110 ሺው፣ ማለትም ከመቶ 92ቱ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ያለው፣ አብዛኛው ደግሞ አንድ ከተማ ውስጥ። እሱ ግን ሲነግረኝ «ሦስት ቦታ አከፋፍዬዋለሁ» ነው ያለኝ። ቤት፣ አክሲዮን፣ ዲፖዚት። ስማቸው ሦስት ነው እንጂ የሚያቆማቸው ነገር አንድ ነው። ባንኩ የሚያበድረው ለማን ነው? ለነጋዴና ለሆቴል ባለቤት ለምናምን ነው፣ የሚይዘው ዋስትናም በአብዛኛው ሕንፃና ቤት ነው። ቤት የማይሸጥበት ዓመት ሲመጣ ብድር አይመለስም፣ ዋስትናውም ሐራጅ ወጥቶ ገዢ ያጣል፣ ትርፍ ክፍፍሉም ይቀንሳል። ስለዚህ ቤት ላይ አክሲዮን መጨመር ያው ቤት ላይ ቤት መጨመር ነው፣ ትንሽ ዞሮ ይመጣል እንጂ።

ለመፈተሽ ቀላል መንገድ አለ። ያለህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጻፍና ከእያንዳንዱ ጎን «ባሕር ዳር ለስድስት ወር ብትዘጋ ይሄ ምን ይሆናል?» ብለህ መልስ፣ ቀጥሎ ደግሞ «ብር በግማሽ ቢወርድስ?» በል። ሁለቱም የፈጠራ ጥያቄዎች አይደሉም። የመጀመሪያውን በ2015 ክረምት ላይ አይተነዋል፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ በረራ ለቀናት ቆመ፣ ከዛ በኋላም ጣና ዳር ያሉት ሆቴሎች እንደድሮው ቱሪስት አላዩም። ትግራይ ውስጥ ደግሞ ሰው ባንክ ያለውን የራሱን ብር ከአንድ ዓመት በላይ ማውጣት አልቻለም፣ ገንዘቡ አልጠፋም፣ ግን መድኃኒት መግዣ በሚፈለግበት ሰዓት አልነበረም። ሁለተኛውን ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ አየነው።

እሱን በቁጥር ላስረዳ። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር ባንክ ላይ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ አንድ ሚሊዮን ብር ያለው ሰው ወረቀት ላይ 17 ሺህ 500 ዶላር ገደማ ነበረው። ከወራት በኋላ ዶላሩ 120 ሲገባ ያው ሚሊዮን ወደ 8 ሺህ 300 ወረደ። የባንክ ወለድ 7 በመቶም ይሁን ትንሽ ከዛ በላይ ይህን አይሸፍንም። እውነቱን ለመናገር ጥቁር ገበያው ቀድሞ ከመቶ አልፎ ስለነበር ኪሳራው በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፣ በአንድ ቀን የታየ ነው እንጂ። ቤት ከዲፖዚት የተሻለ እንደሆነም አልክድም፣ ብረቱም ከውጭ ስለሚገባ የመስሪያ ዋጋው ከዶላሩ ጋር ይወጣል። ችግሩ ደላላ የሚጠራው ዋጋና ገንዘብ ይዞ የሚመጣው ሰው የሚከፍለው ዋጋ ለየቅል መሆናቸው ነው፣ በክፉ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ የሚመጣም የለም። ቢሸጥም ብር ነው የሚይዘው፣ ያንን ብር መልሶ ዶላር አድርጎ ለማውጣት ደግሞ መጀመሪያ ሲገባ በባንክ ገብቶ እንደ ውጭ ካፒታል የተመዘገበበት ወረቀት ያስፈልጋል፣ በሰው እጅ በጥቁር ገበያ የላከ ሰው ደግሞ እሱ ወረቀት የለውም።

አሁን ደግሞ ማንም ልብ የማይለው ነገር። ለዲያስፖራ የባሕር ዳር ክፉ ቀን ሀብቱን ብቻ አይደለም የሚነካው፣ ወጪውንም ይጨምራል። ተከራይ ለቆ በሄደበት ወር ነው እናት «ልጄ እባክህ» ብለው የሚደውሉት፣ የእህት ልጅም አዲስ አበባ ሄዳ ቤት መከራየት አለባት። ኪራዩ ሲቆም፣ ብሩ ሲወርድ፣ ስልኩ ሲበዛ አንድ ሰሞን ነው። ያኔ የሚያስፈልግህ ባሕር ዳር ምን እንደሆነች የማይሰማ ንብረት ነው፣ በሁለት ሦስት ቀን ተሸጦ ዶላር የሚሆን።

ነገሩን ሳነሳለት ጥሩ መከራከሪያ አመጣብኝ። «ደመወዜ እኮ በዶላር ነው፣ እሱ ራሱ ከሀገር ውጭ ያለ ሀብት አይደለም ወይ?» አለኝ። ልክ ነው፣ ለዛም ነው አንድ ቤት መስራቱን የማልቃወመው፣ በተለይ ጡረታ ወጥቶ እዚሁ መኖር ካሰበ ያ ቤት የወደፊት ኪራዩን አስቀድሞ የከፈለበት ነው። ግን ደመወዝ ጤናና ሥራ እስካለ ድረስ ነው፣ የልጆቹ ኮሌጅ፣ የእሱም ሕክምና በዶላር ነው የሚከፈለው፣ እነዚህን ደግሞ ዓባይ ማዶ ያለ ሁለተኛ ቤት አይከፍልለትም።

ሀብትን ሁሉ ሀገር ውስጥ ማስቀመጥ የእኛ ድህነት ያመጣው ጠባይ እንዳይመስላችሁ። ፍሬንች እና ፖተርባ የሚባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጽሑፍ ጃፓኖች ከአክሲዮን ሀብታቸው 98 በመቶውን ጃፓን ውስጥ፣ አሜሪካኖች ደግሞ 94 በመቶ የሚሆነውን አሜሪካ ውስጥ እንደያዙ አሳይተዋል። የጃፓን ትላልቅ ድርጅቶች አክሲዮን ዋጋ የሚለካበት ኒኬይ ኢንዴክስ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ 38 ሺህ 900 ደርሶ ነበር፣ ከዛ ወረደ፣ በ2009 ወደ 7 ሺህ ገደማ ገባ፣ ያንን ከፍታ መልሶ ያለፈው በየካቲት 2024 ነው። ሰላም ባለበት፣ ሕግ በሚሰራበት፣ ቶዮታ በሚመረትበት ሀገር 34 ዓመት! ሰው የሚያውቀውን ይወዳል፣ የሚያውቀው ነገር ደግሞ አስተማማኝ ይመስለዋል።

ስለዚህ ምን ያድርግ። ቤቱን ይሽጥ አላልኩም፣ ከአሁን በኋላ የሚመጣውን ገንዘብ አቅጣጫ ይቀይር ነው ያልኩት። መጀመሪያ ያቺ 10 ሺህ ዶላር እንዳለች ትቀመጥ፣ የክፉ ቀን ናት። ከዛ መሥሪያ ቤቱ ለጡረታ ቁጠባ ከራሱ የሚጨምርለት ካለ (ፎር ኦ ዋን ኬይ የሚሉት ነው) ያንን እስከሚሰጡት ድረስ ይሙላ፣ እምቢ የሚባል ገንዘብ አይደለም። ቀሪውን በየወሩ የመላውን ዓለም አክሲዮን የሚይዝ አንድ ኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ ያስገባ። ለምሳሌ ቫንጋርድ VT በሚል ምልክት የሚሸጠው አለ፣ አንዱ ፈንድ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ፣ የአውሮፓ፣ የጃፓን፣ የሕንድ ድርጅቶች አሉ፣ ዓመታዊ ወጪው ከ0.1 በመቶ በታች ነው፣ ማለትም ለ10 ሺህ ዶላር በዓመት ከ10 ዶላር ያነሰ። ከግማሽ በላዩ የአሜሪካ ድርጅት ስለሆነ «ለምን ታዲያ አሜሪካን ብቻ አልገዛም» ይላሉ ብዙዎቹ የእኛ ልጆች፣ ይሄ ደግሞ ቤት ቀይሮ ያው በሽታ ነው። ደመወዙ አሜሪካ፣ ቤት ኪራዩ አሜሪካ፣ አክሲዮኑም አሜሪካ። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2009 መጨረሻ ትላልቆቹን የአሜሪካ ድርጅቶች በኤስ ኤንድ ፒ 500 የያዘ ሰው ከነትርፍ ክፍፍሉ አስር ዓመት ጠብቆ የከሰረበት ጊዜ ነበር።

800ው ዶላር በወር በአምስት ዓመት 48 ሺህ ይሆናል፣ ትርፍም ኪሳራም ሳንቆጥር። ሁሉን ፈንዱ ውስጥ ቢያስገባ ጠቅላላው 168 ሺህ ሆኖ ከኢትዮጵያ ውጭ ያለው 58 ሺህ፣ ከመቶ 35 ገደማ ይሆናል። ዓባይ ማዶ ቦታ ቢገዛበት ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ከ92 ወደ 94 ይወጣል። አንድ ቤት ሳይሸጥ፣ አንድ ዘመድ ሳያስከፋ ይህን ያህል ልዩነት ይመጣል ማለት ነው።

ፈንዱም ቢሆን አይወርድም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም አክሲዮን በአንድ ዓመት ከ40 በመቶ በላይ ወርዷል። ስለዚህ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት የሚፈለግ ገንዘብ፣ የሠርግም ይሁን የኮሌጅ፣ እዛ አይግባ። አደጋው ሁሉም ነገር በአንድ ቀን መውረዱን ስልኩ ላይ ማየቱ ነው፣ የቤትን ዋጋ ማንም በየቀኑ ስለማይነግረን አይወርድም ብለን እንተኛለን፣ ፈንዱ ግን በየደቂቃው ይነግርሃል፣ እና ብዙ ሰው በዛ ድንጋጤ ሸጦ ነው የሚከስረው። አውሮፓ ያለ ደግሞ VTን እዛ ስለማይሸጡለት አየርላንድ የተመዘገበ ተመሳሳይ ፈንድ ይፈልግ፣ VWCE አንዱ ነው።

እዚህ ለምንኖረውስ? መንገዱ ጠባብ ነው። ነዋሪ የሆነ ሰው ብሩን ቀይሮ የውጭ አክሲዮን የሚገዛበት ክፍት በር የለም፣ የካፒታል ሂሳቡ ዝግ ነው። የ2016ቱ መመሪያ የፈቀደው ከውጭ በዶላር የሚመጣ ገቢ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ በኦንላይን ለውጭ ድርጅት የሚሰራ፣ በውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ከፍቶ እንዲያስቀምጥ ነው። እሱ የብሩን አደጋ ይቀንሳል፣ የባንኩንና የሀገሩን አይቀንስም። ጥር 2017 ላይ የተከፈተው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ጥሩ ነገር ነው፣ ግን እዛ የሚሸጠው ያው የሀገር ውስጥ ሰነድ ነው። በቴሌግራም «በዶላር አብዝተን እንመልሳለን» የሚሉትን ስሙንም አልጠራ።

አንድ ነገር ብቻ በተደጋጋሚ ስለምጠየቅ ልመልስ፣ «ውጭ ላለው ወንድሜ ብር ለቤተሰብ እዚህ ልስጥለትና እሱ በራሱ ስም ይግዛልኝ» የሚሉ አሉ። ከምንዛሪ ሕጉ ጋር የሚያጋጭ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ፈንዱ በሕግ የወንድምየው ነው፣ ግብሩም በእሱ ላይ ነው የሚመጣው፣ ቢፋታ ወይ ዕዳ ቢኖርበት ወይ ቢሞት ያንተ ነበር የሚል ወረቀት የትም የለም።