«20 ሺህ» ስንል የትኛውን 20 ሺህ ነው?

«ለፕሮጀክታችን አስተባባሪ በወር 20 ሺህ፣ ለ12 ወር 240 ሺህ ብር ይዘን ለጋሹ አጽድቆልናል። ሰው ቀጥረን ሳንጨርስ ሒሳብ ሹማችን በጀቱ አይበቃም አለን። ምኑ ነው የጎደለው?» (ጎንደር ከተማ ውስጥ በእናቶች ጤና ላይ ከሚሠራ ማኅበር የቀረበ ጥያቄ)

መጀመሪያ የጎደለው አሠሪው ከራሱ ኪስ የሚያዋጣው ጡረታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 ከመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 ከመቶ ያዋጣሉ። 7ቱ ከሠራተኛው ላይ ስለሚቆረጥ 20 ሺው ውስጥ አለ፤ በጀቱን አይነካም። 11ዱ ግን ከ20 ሺው በላይ የሚወጣ ነው፤ በወር 2,200፣ በዓመት 26,400 ብር። ለፕሮጀክት የተቀጠረ ሰው ውሉ የተወሰነ ጊዜ ስለሆነ ጡረታ የለውም የሚል አባባል ከተማችን ውስጥ ደጋግሞ ይሰማል፤ ስህተት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ የከፋ ነው፤ ብዙ በጀት የሚያዛባውም እሱ ነው። በቅጥር ንግግሩ ላይ «20 ሺህ እንከፍልሃለን» ሲባል ሠራተኛው የሚሰማው እጁ ላይ የሚደርሰውን ነው። በጀቱን የጻፈው ሰው ያሰበው ግን ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ ያለውን ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በቁጥር እንየው።

መሠረታዊ ደመወዙ 20,000 ብር ከሆነ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው የገቢ ግብር ማሻሻያ፣ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ የሥራ ግብሩ 4,950 ብር ነው። አሰላሉ ቀላል ነው፤ ከ14,000 ብር በላይ ለሆነ ደመወዝ በ35 ከመቶ ይባዛና 2,050 ይቀነሳል። የሠራተኛው ጡረታ 1,400 ብር ነው፤ ግብሩ የሚሰላው ይህ ከመቀነሱ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ ስለሆነ ግብሩን አያቃልልለትም። እጁ ላይ የሚደርሰው 13,650 ብር ይሆናል። አሠሪውን የሚያስወጣው ደግሞ 22,200 ብር።

አሁን ውሉ «የተጣራ 20,000» የሚል ከሆነ ወደ ኋላ ማስላት ግድ ነው። የተጣራው ከ10,170 ብር በላይ እስከሆነና ሌላ ግብር የሚከፈልበት አበል እስከሌለ ድረስ ያልተጣራው የሚገኘው በዚህ ነው፦

```
=(20000-2050)/0.58
```

መልሱ 30,948 ብር ከ28 ሳንቲም ነው። በላዩ ላይ የአሠሪው 11 ከመቶ፣ 3,404 ብር ከ31 ሳንቲም ሲጨመር የአንድ ወር ወጪው 34,352 ብር ከ59 ሳንቲም ይደርሳል። በዓመት ከ412 ሺህ ብር በላይ ነው። ያው «20 ሺህ» በአንዱ አነጋገር 266,400፣ በሌላው 412,231 ብር ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ፕሮጀክት የሚይዝ ማኅበር የተጣራ ደመወዝ ውል ላይ ፈጽሞ ባይጽፍ ይመረጣል። ምክንያቱ የሒሳቡ ክብደት ብቻ አይደለም። የተጣራ ደመወዝ ለመክፈል ቃል የገባ አሠሪ ግብሩ በተለወጠ ቁጥር በጀቱ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ የጸደቀ በጀት ደግሞ አይንቀሳቀስም። ውሉ ላይ መሠረታዊ ደመወዝ ይጻፍ፤ እጅ ላይ የሚደርሰው ስንት እንደሆነ ግን ለአመልካቹ ከመፈረሙ በፊት በወረቀት ተሰልቶ ይታይ። 13,650 ብር እንደሚደርሰው አስቀድሞ ያወቀ ሰው በመጀመሪያው ወር መጨረሻ አይደነግጥም።

አበል ላይ ስንመጣ የማኅበሩ አስተባባሪ ከአዘዞ ፒያሳ አካባቢ ወዳለው ቢሮ የሚመላለስበት በወር 2,000 ብር የትራንስፖርት አበል ይሰጠው እንበል። ጡረታ የሚቆረጠው ከመሠረታዊ ደመወዝ ስለሆነ በዚህ ላይ 11 ከመቶ አይደመርም። የትራንስፖርት አበል ከግብር ነፃ የሚሆነውም መመሪያው ባስቀመጠው ጣሪያ ውስጥ እስከሆነ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ግብር ይከፈልበታል። ወደ ደምቢያ ወይም ዳባት ለመስክ ሲወጣ የሚከፈለው የውሎ አበል ግን ደመወዝ ውስጥ አይገባም። እሱ በሥራው ቀን ብዛት ተሰልቶ በመስክ ሥራው መደብ ይያዛል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ መስክ ባልተወጣበት ወርም አበሉ እንደ ደመወዝ ይጠበቃል፤ ኦዲተሩም የመስክ ሪፖርት ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ሳንናገር የማናልፈው አሠራር አለ። ጡረታው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ብቻ መሆኑን ያየ አሠሪ 20 ሺውን 12 ሺህ መሠረታዊ፣ 8 ሺህ «የኃላፊነት አበል» ብሎ ይከፍለዋል። አሠሪው በወር 880 ብር ያተርፋል። በሠራተኛው ስም ጡረታ ውስጥ መግባት የነበረበት 1,440 ብር ግን በየወሩ ይቀራል፤ ኋላ የጡረታ አበሉ የሚሰላለትም በዚያ ባነሰው ደመወዝ ነው። ግብሩ ላይ ደግሞ አንዳች ቅናሽ የለም፤ የኃላፊነት አበል እንደ ደመወዙ ግብር ይከፈልበታል። በማኅበር ስም ለእናቶች ጤና እየሠሩ የራስን ሠራተኛ እርጅና መሸራረፍ ልክ አይደለም።

ሌላው ተረስቶ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የሚመጣው የዓመት ዕረፍት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመጀመሪያው ዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን ነው። ሳይወሰድ ውሉ ካለቀ በገንዘብ ይከፈላል። ወሩን በ26 የሥራ ቀን የሚያካፍል ድርጅት ለ20,000 ብር ደመወዝተኛ 12,308 ብር ያህል ያወጣል። መፍትሔው ብር መያዝ ብቻ አይደለም፤ ለፕሮጀክቱ የዕረፍት መርሐ ግብር አውጥቶ ከመዘጊያው ወር በፊት ማስጨረስ ይቀላል።

ሒሳብ ሹሙን ሁለት ፕሮጀክቶች ሲጋሩት፣ ለምሳሌ 40 ከመቶ ጊዜው ለዚህኛው ከሆነ፣ ደመወዙም ጡረታውም አበሉም እኩል በ40 ከመቶ ይያዛሉ። ደመወዙን ለሁለቱ አካፍሎ ጡረታውን ሙሉ በአንዱ ላይ የጫነ በጀት ሲመረመር ይወድቃል። የእሱና የጥበቃው ደመወዝ ከአስተዳደር ወጪ ስለሚቆጠር በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከተቀመጠው የ20 ከመቶ ጣሪያ ጋርም መነጻጸር አለበት።

የማኅበሩ ትክክለኛ በጀት እንግዲህ መሠረታዊ 20,000፣ ጡረታ 2,200፣ ትራንስፖርት 2,000፣ በድምሩ በወር 24,200 ብር ነበር፤ በ12 ወር 290,400። ሦስቱ በሦስት ረድፍ ተለይተው ይጻፉ። በየወሩ ለጡረታ የሚገባውን ጠቅላላ ገንዘብ ለመሠረታዊ ደመወዝ ድምር አካፍሎ 0.18 መምጣቱን ማየት ስህተቱን ወዲያው ያሳያል፤ 0.07 ከመጣ የአሠሪው ድርሻ አልተያዘም፤ ከ0.18 ከበለጠ አበል ላይም ተሰልቷል።

አሁን ያለው 240 ሺህ ብር ብቻ ከሆነና ውል ካልተፈረመ፣ በወር ካለው 20,000 ላይ አበሉን 2,000 ቀንሶ ቀሪውን ለ1.11 ማካፈል ነው። መሠረታዊ ደመወዙ 16,216 ብር ይሆናል፤ ማስታወቂያውም በዚያ ይውጣ። ውሉ በ20,000 ከተፈረመ ግን ደመወዙን አሠሪው ብቻውን መቀነስ አይችልም። የሚቀረው 50,400 ብሩን ከሌላ መደብ ለማዛወር ለጋሹን በጽሑፍ መጠየቅ ነው፤ ከደብዳቤው ጋር ውሉ፣ የአንድ ወር ፔይሮልና የጡረታ ክፍያ ደረሰኝ ይያያዝ።