ልጁ ያልጻፈውን ኤሴይ «ኤዲት» አትበሉት

«እኛ ኤዲት ነው የምናደርገው። ሀሳቡ የልጁ ነው። ውጭ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚፈልጉት ጥርት ያለ እንግሊዝኛ ነው፤ እሱን እንሰጣቸዋለን።»

ይህን የተናገረው ደሴ ላይ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆች በተዘጋጀ ገለጻ ላይ ማይክ የያዘ የስኮላርሺፕ ኤጀንት ነው። አዳራሹ አጨበጨበለት። እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ ለውጭ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ኤሴይ፣ ማለትም ስለ ራሳቸው ድርሰት፣ የሚጽፉ ልጆችንም አግዛለሁ። ጭብጨባው አበሳጨኝ።

«ሀሳቡ የልጁ ነው» የምትለዋ ቃል ውሸት ናት። አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ሁለት ወረቀት ይዞልኝ መጣ። አንዱ ራሱ የጻፈው ነው፤ ሌላው ኤጀንት «ኤዲት» አድርጎ የመለሰለት። የልጁ ጽሑፍ ስለ እናቱ ወፍጮ ቤት ነበር። «መብራት ሲጠፋ ተራም ይጠፋል» ብሎ ይጀምራል። እህል ይዘው የመጡ ሴቶች ሰዓታት ይጠብቃሉ፤ መብራቱ ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደነበር ጭቅጭቅ ይነሳል። ልጁ ደብተር አውጥቶ ስማቸውን በቅደም ተከተል መመዝገብ ጀመረ። እንግሊዝኛው ጎርባጣ ነው፤ የግሦቹ ጊዜ ተምታቷል። ግን ስታነቡት ልጁን ታውቁታላችሁ።

ኤጀንቱ በመለሰው ወረቀት ላይ ወፍጮ የለም። ደብተርም የለም። በምትኩ ከጦርነት የሸሸ፣ በሻማ ያጠና፣ አህጉሩን ከጨለማ ለማውጣት የማለ ልጅ አለ። ልጁ በ2014 ዓ.ም. ከቤተሰቡ ጋር ተፈናቅሎ ነበር፤ እውነት ነው። ግን አልጻፈውም። ለምን እንደተወው ስጠይቀው «እሱን ማውራት አልፈልግም» አለኝ። ሌላ ሰው ገንዘብ ተቀብሎ፣ ልጁ ሊናገረው ያልፈለገውን ቁስሉን በማያውቃቸው ቃላት ጻፈበት። ይህ ሀሳቡ የማነው?

እኔ የልጁን ወረቀት ይዤ ያደረግኩትን ልናገር። የተምታቱት ግሦች ላይ አሰመርኩ፤ አላረምኳቸውም። ሁለተኛው አንቀጽ የመጀመሪያውን እንደሚደግም ነገርኩት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት፤ «መብራቱ ሲመጣ ሁልጊዜ መጀመሪያ የመጣችው ናት የምታስፈጨው?» ትንሽ አሰበና «አይ፣ ከገጠር የመጡትን አስቀድማለሁ። ሳይመሽ መንገዳቸውን መጀመር አለባቸው። የከተማዎቹ ግን ይቆጡኛል» አለ። «እሱን ጻፈው» አልኩት። ጻፈው። አራት ዓረፍተ ነገር፣ ሁለቱ የተሰበሩ። የቱ ጋ እንደተሰበረ አሳየሁት፣ ራሱ ጠገነው። የኤሴዩ ልብ እሱ ሆነ፤ ተራ ማለት ምን እንደሆነ የሚያስብ ልጅ ታየበት።

ኤዲት ይሄ ነው። መጠየቅ፣ ስህተቱን ማሳየት፣ «እዚህ ጋ አልገባኝም» ማለት፣ «ይህን ቁረጠው» ማለት። መልሱን የምሰጠው እኔ ከሆንኩ ግን ጸሐፊው እኔ ነኝ። አንድ ዓረፍተ ነገርም ቢሆን። ባልደረቦቼ አበዛኸው ይሉኛል። አላበዛሁም። ልጁ ከሳምንት በኋላ ወረቀቱን ሳያይ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለምን እዚያ እንደገባ ማስረዳት ካልቻለ፣ ያ ዓረፍተ ነገር የእሱ አይደለም።

ደግሞ «ጥርት ያለ እንግሊዝኛ ነው የሚፈልጉት» ይባላል። ይህን የሚል ሰው የማመልከቻ ፋይል ምን እንደሚመስል አያውቅም፤ ወይም እያወቀ ወላጅ ያታልላል። ኤሴይ ብቻውን አይሄድም። ከጎኑ የእንግሊዝኛ ውጤት አለ። የዱኦሊንጎ ፈተና የወሰደ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲው ከነጥቡ ጋር ብቻውን ሆኖ የጻፈውንና የተናገረውን ናሙናም ያያል። ሌሎች አጫጭር ጥያቄዎችም አሉ፤ ኤጀንቱ ብዙ ጊዜ አይነካቸውም፣ ልጁ በመጨረሻዋ ሌሊት ራሱ ይሞላቸዋል። ለቅበላ ክፍሉ የሚጽፈው ኢሜይል አለ። ቃለ መጠይቅም ሊኖር ይችላል። የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ አለ፤ እኛ ጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደብዳቤውን ሌላ ሰው አርቅቆት መምህሩ ፊርማውን ብቻ ያሳርፋል። ኤሴዩንና ደብዳቤውን አንድ እጅ ሲጽፋቸው ያው የሚያማምር ቅጽል፣ ያው የአነጋገር ዘይቤ ሁለቱም ላይ ይወጣል። በማመልከቻ ወቅት ብዙ ፋይል የሚያገላብጥ የዩኒቨርሲቲ አንባቢ ይህ ያመልጠዋል?

አያመልጠውም። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚቀበሉበት የኮመን አፕ ዋና ኤሴይ ቢበዛ 650 ቃል ነው። 650 ቃል እንከን የለሽ ሆኖ፣ ቀጥሎ ያለው የሃምሳ ቃል መልስ ሲንገዳገድ ክፍተቱ ዓይን ይወጋል። አንባቢው ግን ማስረጃ ስለሌለው አይከስም። ዝም ብሎ ኤሴዩን ዋጋ ያሳጣዋል። የ«አልተቀበልንህም» ደብዳቤም ምክንያት አይጽፍም። ኤጀንቱ ደንበኛ የማያጣው ለዚህ ነው። የወደቀው ልጅ በምን እንደወደቀ መቼም አያውቅም።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ ከነቁ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዝ ማመልከቻዎችን የሚቀበለው ዩካስ ጽሑፎችን ሲያመሳክር፣ 234 አመልካቾች በልጅነታቸው ፒጃማቸውን በኬሚካል አቃጥለው ቀዳዳ እንዳወጡበት ጽፈው ተገኙ። አንድ ታሪክ፣ 234 ልጅነት። የእኛ «በሻማ ያጠናው የጦርነት ልጅ» ወዴት እየሄደ እንደሆነ ከዚህ ተመልከቱ። ፕሪንስተን አመልካቹ ትምህርት ቤት የሠራውን፣ መምህር ያረመውን ጽሑፍ ይጠይቃል። ዱክ ዩኒቨርሲቲ በ2024 ለኤሴይ ነጥብ መስጠት ማቆሙን አሳወቀ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ በአማካሪ የሚጻፈው መብዛቱ ነው። ኮመን አፕ ላይም ልጁ ሥራው የራሱ መሆኑን አረጋግጦ ይፈርማል። ውሸት ከሆነ፣ ገብቶ መማር ከጀመረ በኋላም ሊባረር ይችላል። የሚፈርመው ልጁ እንጂ ኤጀንቱ አይደለም።

«የሀብታም ልጆችም ያጽፋሉ» ይባላል። እውነት ነው፣ ያጽፋሉ። ግን ከሕፃንነቱ በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ ሌላ ሰው ሲጽፍለት ከቀረው ፋይሉ ጋር ስለሚገጥም ይሸፈንለታል። ከወልድያ ወይም ከሐይቅ የሚያመለክት፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው የሆነ ልጅ ግን መሸፈኛ የለውም። ያው ማታለያ እሱን ብቻ ያጋልጠዋል። የሰዋስው ጉድለት ደግሞ አይጥለውም፤ ፋይሉ ከየት እንደመጣ አንባቢው ያውቃል፣ ከዚያ ልጅም የለንደን ተወላጅ እንግሊዝኛ አይጠብቅም።

ስለዚህ በሺዎች የሚቆጠር ብር ለምትከፍሉ ወላጆች፦ ከመክፈላችሁ በፊት የልጃችሁን የመጀመሪያ ረቂቅ፣ ምልክት የተደረገበትን ቅጂና የመጨረሻውን ጎን ለጎን አድርጎ እንዲሰጣችሁ ኤጀንቱን ጠይቁ። እንግሊዝኛ ባታነቡም ልጁ እያንዳንዱ ለውጥ ለምን እንደመጣ በአማርኛ ያስረዳችሁ። ኤጀንቱ ረቂቆቹን አላሳይም ካለ አትክፈሉት። ትምህርት ቤቶችም እንዲህ ዓይነቱን ሰው በአዳራሻችሁ ማይክ አትስጡት።