«አንድ ግብ ብቻ» የሚለው ምክር ጉዱ የሚወጣው ነሐሴ ላይ ነው

«ችግራችሁ ግብ ማብዛት ነው። አንድ ግብ ያዙ፣ ቤት ከሆነ ቤት፣ መኪና ከሆነ መኪና፣ እሱን ሳትጨርሱ ሌላ አታስቡ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።»

ይሄን ያለው አንድ አማካሪ ነው፣ ቪዲዮውን ያላየ የለም፣ ስለዚህ ስሙን አልጠራም። ሰውየው ይሄን የመለሰው ደውላ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራይና ያለባት ብድር ባንድ ላይ መጥተው እንደተምታታባት ለጠየቀች ሴት ነው። እሷ እኮ ግብ ልምረጥ አላለችም! ሦስቱም ራሳቸው ናቸው የመጡባት። እና አዳራሹ አጨበጨበ፣ ከስሩ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር የእሳት ኢሞጂ።

እስቲ ተረቱን እንያዘው፣ ምክንያቱም ከንግግሩ ውስጥ ክርክር የሚመስለው እሱ ብቻ ነው። ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው ፈልጎ ነው የሚወጣው፣ ካልተመቸው ይወርዳል። የቤት ኪራይ ላይ ግን ማነው ፈልጎ የወጣው? ትምህርት ቤቱ ነሐሴ ላይ ምዝገባ ሲጀምር «እኔ ዘንድሮ የያዝኩት ግብ መኪና ነው» ብለህ ትነግረዋለህ? ይሄ ምክር የሚሰራው ቤት ላለው፣ እዳ ለሌለው፣ ልጆቹ ለጨረሱለት ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ ሲጀመር ምክርም አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ልስጠው። ብሩ ሲወጣ ተራ በተራ ነው የሚወጣው፣ እዚህ ላይ ልክ ነው። መቁጠሩ ግን ባንዴ ነው መሆን ያለበት፣ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ። ሰውየው ማውጣትና መቁጠርን አንድ አድርጎ ነው ሕዝብ ያሳሳተው።

የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ፣ አዲስ አበባ ተከራይተው የሚኖሩ፣ ሁለት ልጅ ያላቸው፣ ቁጥሩን ለመደመር እንዲመች ትንሽ አጠጋግቼዋለሁ። የሁለቱም ደሞዝ ተደምሮ አስቤዛ፣ ኪራይ፣ ትራንስፖርትና ዕድር ሲወጣለት በወር 9,000 ብር ይተርፋቸዋል። የካቲት መጀመሪያ ላይ ቁጭ ብለው የጻፉት አራት ነገር ነው። ለሚስትየዋ ዘመድ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ እንመልሳለን ብለው ቃል የገቡት 12,000። የቤት ውላቸው ሰኔ መጨረሻ ስለሚያልቅ ቢለቁ ለአዲስ ቤት ቅድሚያ የሚከፈል 25,000። ነሐሴ ላይ ለሁለቱ ልጆች ምዝገባና የመጀመሪያ ተርም 35,000። እና 42,000 የሚጠየቅበት ፍሪጅ፣ እሱንም እስከ ነሐሴ ብለው።

መጀመሪያ ያደረጉት ሁላችንም የምናደርገውን ነው፣ እያንዳንዱን ለቀሩት ወራት ማካፈል። ብድሩ ለ3 ወር ሲካፈል 4,000፣ ቤቱ ለ5 ወር 5,000፣ ትምህርት ቤቱ ለ7 ወር 5,000፣ ፍሪጁ ለ7 ወር 6,000። ድምሩ በወር 20,000፣ ያላቸው 9,000። ባልየው እስክሪብቶውን ወርውሮ «በቃ የማይሆን ነገር ነው» አለ፣ «አንድ ግብ ያዙ» የሚለው ሰውዬ የሚያጠምደውም ልክ በዚህ ሰዓት ነው፣ ምክንያቱም ተስፋ ለቆረጠ ሰው ሦስቱን ጣላቸው ሲሉት ደስ ይለዋል።

ግን አልጣሉም፣ እሷ ናት ያላስጣለችው። መጀመሪያ የጠየቀችው ጥያቄ «ቀኑን ማነው የቆረጠው?» የሚል ነው። የፍሪጁን ነሐሴ ማን ቆረጠው? ራሳቸው። ቢያልፍ ምን ይሆናል? ስጋው እንደ እስከዛሬው በቋንጣ መልክ ይቀመጣል፣ ሌላ ምንም። ትምህርት ቤቱ ቢያልፍ ግን የልጅ ቦታ ለሌላ ይሰጣል፣ ቤቱ ቢያልፍ ዕቃ ደጅ ይወጣል። አስቸኳይ ማለት ይሄ ነው፣ ቀኑ መቅረቡ ብቻ ሳይሆን ሲያልፍ የሚመጣው ነገር። አማካሪ ተብዬው ደግሞ ቅደም ተከተል ማለት የህልም ትልቅነት መስሎታል፣ ቤት ከመኪና ይበልጣል፣ መኪና ከፍሪጅ፣ እንዲህ እየደረደረ።

ፍሪጁ ከነሐሴ ወጣ። የቀሩትን ሦስቱን ግን ማካፈሉን ትተው በቀናቸው ቅደም ተከተል ደረደሯቸውና በእያንዳንዱ ቀን ላይ ሁለት ነገር አስተያዩ፣ እስከዛ ድረስ የሚጠራቀመውን ብርና እስከዛ ድረስ መውጣት ያለበትን ድምር። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ 27,000 ይኖራቸዋል፣ መውጣት ያለበት 12,000፣ ይበቃል። ሰኔ መጨረሻ ላይ በድምሩ 45,000 ይገባል፣ ብድሩና ቤቱ ተደምረው 37,000፣ ይበቃል። ነሐሴ መጨረሻ 63,000 ይገባል፣ ሦስቱም ተደምረው 72,000፣ አይበቃም፣ 9,000 ይጎድላል።

ልዩነቱ ይታያችሁ። በማካፈሉ ስሌት ፍሪጁ ከወጣም በኋላ በወር 14,000 ያስፈልግ ነበር፣ ያ ማለት ከየካቲት ጀምሮ በየወሩ 5,000 ጎዶሎ፣ ሰው የሚያሳብድ ነገር። በድምሩ ሲታይ ግን ጉድለቱ ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ነሐሴ ላይ፣ መጠኑም 9,000 ነው፣ እና ያወቁት በየካቲት ነው! ስድስት ወር ቀድመው። አንዱን ብቻ ያሰበ ሰው ይሄን 9,000 የሚያገኘው ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት መስኮት ስር ቆሞ ነው፣ ከዛ ወደ ቴሌብር መላ ወይ ወደ ዘመድ መሮጥ፣ ከዛ የሚቀጥለው ዓመት በአዲስ እዳ ይጀመራል።

ታዲያ ቀድሞ ያወቀ ሰው ምን ያደርጋል ካላችሁ ሄዶ ይጠይቃል። አከራዩን ጠየቁ፣ «ጋሼ፣ ሰኔ ላይ ውላችን ያልቃል፣ ያድሱልናል ወይስ ቤት እንፈልግ?» ሽማግሌው «ልጄ ከውጭ እመጣለሁ ይላል፣ እሱን ሳላናግር ምን እላችኋለሁ» አሉ። መልስ ባይሆንም ይሄም መረጃ ነው፣ 25,000ው ከሂሳቡ አይወጣም ማለት ነው። ቁጥሩ ከየት መጣ ላላችሁ፣ በአዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፣ 12,500 ሲባዛ በ2። 3 ወርም 6 ወርም የሚጠይቅ አከራይ እንዳለ ሁላችን እናውቃለን፣ ግን ዕቅድ ስታወጣ ከአዋጁ ነው የምትነሳው፣ ከደላላው አፍ አይደለም።

ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ሂሳብ ክፍል። ከ35,000ው ውስጥ ምዝገባው 7,000 ነው፣ ቀሪው 28,000 የተርም ክፍያ። ምዝገባው ባንዴ መግባት አለበት አሏቸው፣ ተርሙን ግን በጽሑፍ ከጠየቃችሁ ግማሹን ነሐሴ፣ ግማሹን ጥቅምት መክፈል ይቻላል። ማንም የማይነግራችሁ ነገር ነው፣ ነሐሴ ላይ ሰልፍ ውስጥ ሆናችሁ ብትጠይቁ ደግሞ ማንም አይሰማችሁም። በዚህች አንድ ጥያቄ 14,000 ወደ ጥቅምት ሄደ፣ የነሐሴው ድምር ከ72,000 ወደ 58,000 ወረደ፣ ከ63,000ው ላይ 5,000 ተረፈ። ደሞዝ አልተጨመረም፣ ማንም ሳይድ ቢዝነስ አልጀመረም።

5,000 ምን አላት የሚል ይኖራል፣ አዎ ትንሽ ናት። አንድ ልጅ ታሞ ሦስት ቀን ቢተኛ አለቀች፣ ያኔ ደግሞ የሚነካው የዘመድየው ብድር ነው፣ ወለድ ስለሌለውና በቃል ስለተያዘ፣ ቀድሞ ተነግሮት እስከሆነ ድረስ የሚሸሸው እሱ ነው። (እዚህ ጋ «ትንሹን እዳ ቀድመህ ጨርስ፣ ሞራል ይሰጥሃል» የሚል ከውጭ የመጣ ምክር አለ። በክሬዲት ካርድ ለሚኖር ሰው ይስራ አይስራ የነሱ ጉዳይ ነው፣ የኛ ሰው እዳ በአብዛኛው የዘመድና የጓደኛ ነው፣ የሚያስከፍለው ወለድ ሳይሆን ፊት ነው።)

ይሄ አካሄድ የሚበላሽበትን ቦታም ልናገር፣ ግንቦት ላይ ነው። ሚያዝያ ላይ ብድሩ ሲከፈል አካውንቱ ውስጥ 15,000 ይቀራል፣ ግንቦት ሲያልቅ 24,000 ይሆናል። የሰው ዓይን የሚያየው ይሄን ነው። ባልየው ባንኩ ቴክስት ሲልክለት «ኧረ ብር አለን እኮ!» አለ፣ በዛው ሳምንት ደግሞ የመስሪያ ቤት ጓደኛው ያገለገለ ፍሪጅ በርካሽ አገኘሁልህ ብሎ ደወለ። ያ 24,000 ግን የነሱ አይደለም፣ 25,000ው የሰኔ ነው፣ እንደውም ገና 1,000 ይጎድለዋል። አንድ ግብ ብቻ ያሰበ ሰው ግን ትርፍ ብር ያለበት አካውንትና የሰው ብር የተቀመጠበት አካውንት መለየት አይችልም፣ ለሱ ብር ያለበት ሁሉ ትርፍ ነው። ሚስትየዋ ያደረገችው ቀላል ነው፣ በደብተሩ ላይ ከቀሪ ሂሳቡ ጎን «የሰኔ» ብላ ጻፈችበት።

ፍሪጁን ማዘግየት ዋጋ የለውም አልልም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 በላይ ሆነ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ለመግዛት በብር ሲያጠራቅሙ የነበሩ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው የምታውቁት ነው። የ42,000ው ፍሪጅ ከዓመት በኋላ 42,000 ላይሆን ይችላል። ቢሆንም የፍሪጅ ዋጋ መጨመር የሚያስከፍለው ብር ነው፣ የነሐሴ መቅረት የሚያስከፍለው የልጅ የትምህርት ዓመት ነው፣ ሁለቱን ባንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ሰው ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

ፍሪጁን ደግሞ ዕቁብ ይችለዋል። ዕቁብ ላይ ቁርጥ ቀን ያለው ነገር አይጣልም፣ ዕጣ ነው፣ ዳኛውን ለምነህ ወይ ዕጣ ከሌላ ሰው ገዝተህ ካልሆነ በቀር ነሐሴ ይውጣልህ ጥር አታውቅም። ቀን የሌለው ፍሪጅ ግን መቼም ቢወጣ ችግር የለውም። እና ጥቅምት ላይ የተርሙን ቀሪ 14,000 ከከፈሉ በኋላ ከኅዳር ጀምሮ ወርሃዊ ዕቁብ ሊገቡ ተነጋግረዋል። ባልየው አሁንም ያገለገለው ይሻል ነበር ይላል።