«ታታሪ፣ ታማኝ፣ ተግባቢ» ውጭ አገር አያስቀጥርም

«አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ሊንክድኢን ላይ አጭር ምስክርነት ጻፍልኝ አለኝ። አብረን ስለሠራነው ፕሮጀክት፣ በተለይ ስለ ቡድን ሥራው ነው የፈለገው። ምን ብዬ ልጻፍለት?»

«ታታሪ፣ ታማኝና ከባልደረቦቹ ጋር ተግባቢ» የምትለዋን ግን ተዋት። የእኛ ሰዎች እርስ በርስ የሚጻጻፉትን ምስክርነት ውጭ አገር ሆኖ ለሚያነብ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያናድድ ነገር የለም። ሁሉም እነዚያኑ ሦስት ቃላት ይጽፋል፤ ስሙ ተቀይሮ ለሌላ ሰው ቢሰጥ ማንም አይለየውም። ቀጣሪው አንብቦ ምንም ስለማያገኝበት ያልፈዋል፤ ጎበዝ ልጅ በሰነፍ ምስክርነት ተጎዳ ማለት ነው።

የልማዱ ምንጭ ግልጽ ነው። እኛ ዘንድ ወረቀቱን የሚጽፈው መሥሪያ ቤቱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲሰጥ ያዛል። ከዚያ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ፣ አንድ የምስጋና መስመር ታክሎበት፣ ማኅተም አርፎበት ይወጣል። ታማኝነቱ ያለው ማኅተሙ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ ድርጅቶች ክስ ስለሚፈሩ ከሥራ መደቡና ከቅጥሩ ጊዜ በቀር ትንፍሽ አይሉም። ሰውየው እንዴት እንደሚሠራ የሚናገርለት አጠገቡ የነበረ ባልደረባ ብቻ ነው፤ ያ ባልደረባ ደግሞ ማኅተም የለውም፤ የሚታመነው ያየውን ከተናገረ ነው።

ስለዚህ የምትጽፈው አንድ ያየኸውን ነገር ነው። የቡድን ሥራ የሚታየው ሥራ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በሚተላለፍበት ቦታ ላይ ነው፤ የሚበላሸውም እዚያው ነውና። ለምሳሌ ፕሮጀክቱ የመጋዘን መዝገብን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ነበር እንበል። መጋዘንና ሂሳብ ክፍል ያንኑ ዕቃ በተለያየ ኮድ ስለሚጽፉት ቆጠራው አልገጥም አለ። ባልደረባህ ያን ጊዜ ምን አደረገ? ጽሑፉ የሚወጣው ከዚህ መልስ ነው፦

«የመጋዘን መዝገባችንን ወደ ኮምፒውተር ስናዛውር አንድ ቡድን ውስጥ ነበርን። እኔ የሂሳቡን ጎን፣ እሱ የመጋዘኑን ይዘን ነበር። የሁለቱ ክፍሎች የዕቃ ኮድ አልገጥም ሲል ጥፋተኛ ፍለጋ አልሄደም፤ የመጋዘን ሠራተኞቹንና እኛን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሁለታችንም የምንጠቀምበት አንድ የኮድ ሰንጠረዥ አወጣ። ለውጥ በተደረገ ቁጥር ሳንጠይቀው ያሳውቀን ስለነበር የወሩን ሂሳብ ስንዘጋ ያልጠበቅነው ነገር አልገጠመንም። ብዙ ክፍሎችን የሚያገናኝ ሥራ ቢኖረኝ መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነው።»

«ተግባቢ» የሚለው ቃል የለበትም፤ አንባቢው ግን ራሱ ይደርስበታል። ርዝመቱም ይበቃል። ሊንክድኢን እስከ 3,000 ፊደል ይፈቅዳል፤ ይሁንና ረጅሙን የሚያነብ ስለሌለ ከአራት እስከ ስድስት ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። ድርጊቱን ቶሎ አምጣው፤ በሰላምታና በመግቢያ የተጀመረ ጽሑፍ ፍሬ ነገሩ ሳይደረስበት ይታለፋል።

የእኛ ሰው በብዛት የሚሳሳተው ግን «እኛ» ላይ ነው። ትሕትና ይመስለውና «ይህን ሠራን፣ ያንን አሳካን» ይላል፤ በመጨረሻ ባልደረባው በመሐል ይጠፋል። «እኛ» ፕሮጀክቱን ለማስተዋወቅ አንድ ጊዜ ከገባች ይበቃታል። ከዚያ በኋላ ግሱን ሁሉ ለእሱ ስጠው፦ አስቀመጠ፣ አወጣ፣ አሳወቀ። ጽፈህ ስትጨርስ ግሶቹን አስምርባቸው፤ አብዛኞቹ «ነበር» እና «ነው» ብቻ ከሆኑ እንደገና ወደ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ተግባቢ» ተመልሰሃል። ያልለካኸውን ቁጥር አትጨምር፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ቁጥሩ የሚጠየቀው እሱ ነውና። የደንበኛ ስምና የውል ገንዘብም አይገባም፤ የድርጅት ምስጢር ናቸው።

አላላኩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ሁለታችሁ በሊንክድኢን የተገናኛችሁ መሆን አለባችሁ። የእሱ ገጽ ላይ More ተጭነህ Recommend ትመርጣለህ። ከዚያ ግንኙነታችሁንና እሱ ያን ጊዜ የነበረበትን የሥራ መደብ ይጠይቅሃል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተቻኩሎ የአሁኑን መደብ ይመርጥና ምስክርነቱ የማይመለከተው ሥራ ሥር ይሰቀላል። ከላክኸው በኋላም እሱ አይቶ እስኪቀበለው ገጹ ላይ አይወጣም፤ የተሳሳተ ነገር ካገኘም እንድታስተካክለው መልሶ ሊጠይቅህ ይችላል።