«እንዲከናወን ይደረጋል»፤ በማን?

ደሴ ቁጭ ብዬ የቦርከና ዳር ገበሬዎች የሚተዳደሩበትን የመስኖ መመሪያ ሳሳጥር ሦስተኛ ቀኔ ነው። አንጀቴ አርሯል! አንዱ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«የቦይ ጠረጋ ሥራን የማከናወን ተግባር እስከ ጥቅምት 30 እንዲከናወን የሚደረግ ሲሆን፣ ባልተሳተፉ ተጠቃሚዎች ላይ ቅጣት የመጣል እርምጃ ሊወሰድ ይችላል።»

«ሥራ»፣ «ማከናወን»፣ «ተግባር»፣ «እንዲከናወን»፤ አንዱን ነገር አራቴ! «ቦዩ እስከ ጥቅምት 30 ይጠረጋል» ቢባል ምን ጎደለ? የሚጎድለውማ ከመጀመሪያውም የለም፦ ማን ያስጠርግ? ከራሴ «ማኅበሩ» ብዬ ብጨምር ሕግ አወጣሁ ማለት ነው። ደግነቱ አንቀጽ 4 ጠረጋውን ለውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሰጥቶታል፤ ስለዚህ «ማኅበሩ ቦዩን እስከ ጥቅምት 30 ያስጠርጋል» አልኩ። ቀጪው ማን እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም። ስለዚህ «ያልተሳተፈ ተጠቃሚ ሊቀጣ ይችላል» ብዬ ተውኩት፤ ጥያቄውንም ለአርቃቂዎቹ ጻፍኩ።

ያናደደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የሥራ ባልደረባዬ «ሊቀጣ ይችላል»ን «ይቀጣል» አድርጎ መለሰልኝ። «አብሽሪ፣ ያጠረ ነው እንጂ ያው ነው» አለኝ። ያው አይደለም! «ይችላል» ስትወጣ ታማ የቀረችዋን እናት ማለፍ የሚቻልበት በር ተዘጋ።